ፖስታው ለምን ወዲያው አይመለስም?

አንድ የአዲስ አበባ አንበሳ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ የማያውቀው ሰው ደብዳቤዎች የታጨቁበት ፖስታ ወንበር ሥር አገኘ እንበል። ከዚህ አጭር ልቦለድ የሚሠራ ደራሲ በቅድሚያ መመለስ ያለበት ጥያቄ «ሰውየው ለምን ወዲያው አይመልሰውም?» የሚለው ነው። መመለስ ቀላል ከሆነ ታሪኩ ገና ሳይጀመር ያልቃል።

መልሱ ያለው በከተማዋ አኗኗር ውስጥ ነው። በአገራችን ደብዳቤ በአብዛኛው የሚላከው በፖስታ ሳጥን ቁጥር እንጂ በቤት አድራሻ አይደለም። ሳጥኑ የመሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ ብዙ ሰው ይጋራዋል። ስለዚህ ትኬት ቆራጩ ባለቤቱን ለማግኘት ደብዳቤዎቹን ማንበብ ግድ ይሆንበታል። ሲያነብ ግን አደራ ጠባቂነቱ ያበቃና የሰው ገመና አዋቂ ይሆናል። የታሪኩ ግጭት ይኸው ነው።

ጀማሪ ጸሐፊ ብዙ ጊዜ ደብዳቤዎቹን ከነሙሉ ቃላቸው ይገለብጣቸዋል፤ ያኔ ትኬት ቆራጩ ከታሪኩ ይጠፋል። የሚሻለው በሁለት ፌርማታዎች መካከል ጥቂት መስመር እንዲያነብ ማድረግ ነው። «እናትህ ዘንድሮም…» የሚለው ላይ ሲደርስ አንድ ተሳፋሪ «መልሴን ስጠኝ!» ይበለው። ግፊያው ንባቡን ሲያቋርጥ አንባቢም አብሮ ይንጠለጠላል።

መጨረሻ ላይ ባለቤቷ ትመጣለች፤ «አንብበኸዋል?» ትለዋለች። ታሪኩ ሲያመራ የቆየው ወደዚህ ጥያቄ ስለሆነ፣ የሚቋጨውም በሚሰጣት መልስ ነው።