ገንዘቡ በየትኛው ቃል ወጣ?

እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ጉግል ፐርፎርማንስ ማክስ በተባለው የዘመቻ ዓይነት ውስጥ አስተዋዋቂዎች ኔጌቲቭ ኪዎርድ፣ ማለትም ማገጃ ቃል፣ ራሳቸው እንዲያስገቡ ፈቀደ። ጣሪያው መጀመሪያ ለአንድ ዘመቻ 100 ቃል ነበር፤ ወዲያው ወደ 10,000 ከፍ አለ። በዚያው ዓመት የፍለጋ ቃላት ሪፖርቱም ለዚሁ ዘመቻ ተከፈተ። ከ2021 ጀምሮ ገንዘባቸው በምን ቃል ላይ እንደሚወጣ በዝርዝር ሳያዩ ሲከፍሉ ለቆዩ ሰዎች ትልቅ ዜና ነው። ሪፖርቱ ስለተከፈተ ግን ማንበብ ቀለለ ማለት አይደለም።

በተለመደው የፍለጋ ዘመቻ አስተዋዋቂው የሚገዛው ቁልፍ ቃል ነው፤ ሪፖርቱ የሚያሳየው ደግሞ ሰው በእጁ የጻፈውን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከዓመት ዓመት ሰፍቷል። ከ2014 ጀምሮ «ትክክለኛ» የሚባለው ማዛመጃ እንኳ ተቀራራቢ አጻጻፎችን እንዲቀበል ተደረገ፤ በ2018 ደግሞ ትርጉሙ አንድ የሆነውን ሁሉ መቀበል ጀመረ። ማገጃ ቃል ግን እንዲህ አይለጠጥም። `job` ብለው ቢያግዱ `jobs` ያልፋል፤ `repair` ቢያግዱ `mechanic` ያልፋል። የፊደል ስህተቶችን አብሮ ማገድ የጀመረው በ2024 ነው፤ ነጠላና ብዙ ቁጥርን ግን ዛሬም ለየብቻ መጻፍ ያስፈልጋል። የሚገባው ነገር በትርጉም እየገባ፣ የሚታገደው በፊደል ብቻ መታገዱ የዚህ ሥራ ዋና ጣጣ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሰሜን ቨርጂንያ ውስጥ ሦስት መኪና ይዞ ሰው ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያመላልስ ወገናችን አለ እንበል። በወር 1,200 ዶላር ለማስታወቂያ ያወጣል፤ አንድ ክሊክ በአማካይ 4 ዶላር ስለሚፈጅ 300 ክሊክ ያገኛል፤ ከእነዚህ ውስጥ 30ው ጉዞ ያስይዛሉ። አንዱ ደንበኛ 40 ዶላር አስወጣው ማለት ነው። የገዛው ቁልፍ ቃል `dulles car service` ነው። ችግሩ ያለው `car service` ላይ ነው፤ ለአንዱ የሚያደርሰው መኪና ሲሆን፣ ለሌላው ዘይት የሚቀየርበት ጋራዥ ነው።

ሪፖርቱን ሲከፍት በመጀመሪያ የሚያየው አሳሳች ነገር ነው። አብዛኛው መስመር አንድ ክሊክ ብቻ ያለው፣ አንዱ ከሌላው የማይመሳሰል ዓረፍተ ነገር ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ በየመስመሩ ምልክት እያደረገ ያግዳል። በዚህ መንገድ የሚታከለው ቃል ግን፣ ካልቀየሩት በስተቀር፣ ልክ በዚያ አጻጻፍ ብቻ ነው የሚታገደው። ያ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ዳግመኛ ላይመጣ ይችላል። ሁለት ሰዓት የተደከመበት ሥራ ምንም አላገደም።

የሚያዋጣው ዓረፍተ ነገሮቹን በትኖ በቃል መደመር ነው። ሪፖርቱን ወደ ኤክሴል አውርዶ፣ እያንዳንዱ ቃል በስንት መስመር ውስጥ እንደገባ፣ ስንት ክሊክና ስንት ዶላር እንደወሰደ፣ ስንት ደንበኛ እንዳመጣ መቁጠር ማለት ነው። የወንድማችን ሠንጠረዥ በዚህ መንገድ ሲበተን `jobs` እና `salary` በአንድነት 14 ክሊክ፣ `oil`፣ `brake` እና `repair` 22 ክሊክ፣ `rental` 16 ክሊክ በልተዋል እንበል። ደንበኛ ግን አንድም አላመጡም። ለየብቻቸው ሲታዩ የማይቆጠሩ ሳንቲሞች ነበሩ፤ ሲደመሩ 52 ክሊክ፣ 208 ዶላር ሆኑ። እነሱን አግዶ ያንኑ 30 ደንበኛ ቢያገኝ አንዱ ደንበኛ ከ40 ወደ 33 ዶላር ይወርዳል።

ቀጥሎ የሚመጣው `shuttle` ነው፤ 12 ክሊክ፣ ዜሮ ደንበኛ። እጅ ለማገድ ይቸኩላል። ነገር ግን ከአሥር አንዱ ክሊክ ደንበኛ በሚሆንበት ዘመቻ፣ ደህና ቃል እንኳ በ12 ክሊክ ባዶ የመውጣት ዕድሉ 28 በመቶ ነው። በ30 ክሊክ ባዶ ከወጣ ግን ዕድሉ 4 በመቶ ብቻ ስለሆነ ያን ጊዜ መፍረድ ይቻላል። በግርድፉ፣ አንድ ደንበኛ ለማግኘት ከሚያስፈልገው ክሊክ ሦስት እጥፍ እስኪሞላ መጠበቅ ነው። `jobs` ላይ ይህን ያህል መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሥራ ፈላጊ ተሳፋሪ እንዳልሆነ ቃሉ ራሱ ይናገራል። ቁጥር የሚያስፈልገው ትርጉሙ ሁለት በሆነበት ቃል ላይ ነው።

ዝርዝሩ በመጨረሻ ይህን ይመስላል፦

```
jobs
salary
brake
repair
rental
"oil change"
[car service]
```

ምልክት የሌላቸው ቃላት የትም ቦታ ቢገኙ ያግዳሉ። በጥቅስ ውስጥ ያለው፣ ሁለቱ ቃላት ተከታትለው ሲመጡ ብቻ ያግዳል። የመጨረሻው ሌላ ምንም ሳይጨመርበት `car service` ብቻ የጻፈውን ሰው ይመልሳል፤ `car service to dulles` ያለውን አይነካም። ቅንፉን ረስቶ ያስገባው ሰው ግን ዘመቻውን ከሞላ ጎደል በሙሉ ይዘጋል። ከታገደ በኋላ የማስታወቂያው መታየት በአንድ ጊዜ ከወደቀ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት ይህ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የስልክ ጥሪ እንደ ውጤት መቆጠሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የእኛ ሰው ፎርም ከመሙላት መደወል ይቀናዋል። ጥሪው ካልተመዘገበ ጥሩው ቃል ሁሉ ዜሮ ሆኖ ይታያል፤ ያኔ አስተዋዋቂው ደንበኞቹን በገዛ እጁ ያግዳል።

ሪፖርቱ ፈጽሞ የማያሳየው ብክነት ግን አለ። ቶማስ ብሌክ፣ ክሪስ ኖስኮና ስቲቨን ታዴሊስ በ2015 ኢኮኖሜትሪካ መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ ኢቤይ በ2012 የራሱን ስም ለሚፈልጉ ሰዎች በያሁና በኤም.ኤስ.ኤን. ያሳየው የነበረውን ማስታወቂያ ሲያቆም፣ ከጠፋው ክሊክ 99.5 በመቶው ባልተከፈለበት ውጤት በኩል ተመልሶ መጥቷል። በሪፖርቱ ላይ የራስ ስም ሁልጊዜ ምርጡ ቃል ይመስላል። ለትንሽ ድርጅት፣ ተፎካካሪ በስሙ ላይ ማስታወቂያ ከገዛ፣ ነገሩ ሊለይ ይችላል፤ ቢሆንም ለጥቂት ሳምንታት አቁሞ ማየት አያስከፍልም።

እኔን እስከዛሬ የሚያናድደኝ የመስከረም 2020 ውሳኔ ነው። ጉግል በዚያ ወር «ብዙ ሰው» ያልፈለገውን ቃል፣ ክሊክ ቢደረግበትም፣ ከሪፖርቱ እንደሚያወጣ አስታወቀ። ምክንያቱ የተጠቃሚዎችን ምስጢር መጠበቅ ነው ተባለ። ብዙ ማለት ስንት እንደሆነ አልተነገረም። በ2021 ጥቂት አላላው፤ ዛሬም ግን ከወጪው ከፊሉ ስም የለውም። የሰው የግል ፍለጋ ሊከበር ይገባል፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን አንድ ሰው ብቻ የጻፋቸው ረጃጅም ፍለጋዎች፣ ብክነት በብዛት የሚደበቅባቸው፣ ከዕይታ የወጡት እነሱው ናቸው። በቃል መደመር እዚህም ይረዳል፦ በሚታየው ክፍል የተገኘው `repair` ሲታገድ በማይታየውም ውስጥ ይታገዳል።

የማይታየውን የራስዎን ወጪ መጠን ለማወቅ የፍለጋ ዘመቻውን ጠቅላላ ወጪ ይውሰዱና በሪፖርቱ የተዘረዘሩትን ቃላት ወጪ ድምር ይቀንሱ። በምሳሌያችን የሚታየው 210 ክሊክ ቢሆን፣ 90 ክሊክ ወይም 360 ዶላር የት እንደገባ አይታወቅም ማለት ነው። ይህን ቁጥር በየወሩ ይመዝግቡት፤ ማስታወቂያዎን የሚያስተዳድርልዎ ሰው ካለም በየወሩ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ።