ከተጨመቀ ምስል ላይ ቀለም ሲነሳ

ለባነር ወይም ለቲሸርት ሥራ ዲዛይነሩ የሚደርሰው አርማ ብዙ ጊዜ በቴሌግራም የተላከ የጄፔግ ምስል ነው። የቀለሙን ኮድ ከዚያው ማንሳት ይቻላል፤ ግን የት ቦታ ላይ እንደሚነሳ ማወቅ ይጠይቃል።

እስከ 2023 የነበረውን የፌስቡክ ሰማያዊ እንውሰድ። ኮዱ `#1877F2` ነበር፤ ማለትም ቀይ 24፣ አረንጓዴ 119፣ ሰማያዊ 242። ጄፔግ ምስሉን በ8 በ8 ፒክስል እየከፋፈለ ጥቃቅን ዝርዝሮችን ይጥላል። ዓይናችን ከቀለም ይልቅ የብርሃን ልዩነትን አጥርቶ ስለሚያይም፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት ጎረቤት ፒክስሎች አንድ የቀለም መረጃ እንዲጋሩ ያደርጋል። ስለዚህ ነጩ «f» ሰማያዊውን በሚነካበት ጠርዝ ላይ የሚነበበው ቁጥር የሁለቱ ድብልቅ ነው። ከጠርዙ ቢያንስ 16 ፒክስል ርቆ ወደ ሰፊው ሰማያዊ መግባት ያሻል። አንድ ነጥብ ብቻ ማንበብም አይበቃም፤ በፎቶሾፕ የቀለም መልቀሚያውን `11 by 11 Average` ላይ አድርጎ የ121 ፒክስሎችን አማካይ መውሰድ ይሻላል።

አማካዩ 26፣ 118፣ 240 ሆነ እንበል። ቀለሙ ምን ያህል ተዛብቷል? የሦስቱን ቁጥሮች ልዩነት መደመር ያሳስታል፤ ዓይን ሁሉንም ቀለም እኩል አይመዝንምና። ለዚህ የሚያገለግለው ዴልታ ኢ የሚባለው መለኪያ ነው። በ2000 በወጣው ቀመር ሲሰላ ልዩነቱ 0.4 ገደማ ይመጣል። በተለምዶ ከ1 በታች የሆነ ልዩነት በዓይን አይለይም፤ ስለዚህ ይህን መጭመቁ ያመጣው ተራ መዛባት አድርጎ ማለፍ ይቻላል።

አሁን ደግሞ ንባቡ 57፣ 117፣ 234 ቢሆንስ? ቀዩ ከእጥፍ በላይ ስላደገ ያስደነግጣል፤ ዴልታ ኢው ግን ከ2 ብዙም አይበልጥም። ሁለቱ ቀለሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነቱን ልብ የሚል ዓይን ያገኘዋል። ጥፋቱም የመጭመቁ አይደለም። እነዚህ ቁጥሮች ያው ሰማያዊ ዲስፕሌይ ፒ3 በሚባለው፣ አይፎን በሚጠቀምበት ሰፊ የቀለም ክልል ሲጻፍ የሚሆናቸው ናቸው። ምስሉ ሲላላክ ይህን የሚገልጸው የቀለም ፕሮፋይል ከወደቀ፣ ተቀባዩ ቁጥሮቹን እንደ ተራው ኤስአርጂቢ ያነባቸዋል፤ ቀለሙም ትንሽ ይደበዝዛል።

ሁለቱን ለመለየት አራት አምስት ቦታ ማንበብ ይጠቅማል። መጭመቅ ንባቡን ወዲያና ወዲህ ይበትነዋል፤ የፕሮፋይል መጥፋት ግን ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ ይወስዳል፤ ነጩን ሳይነካ። ነጩም ከ255 ወርዶ ቢጫ ወይም ግራጫ ከያዘ፣ ምስሉ በካሜራ የተነሳ ወይም በማስተካከያ ያለፈ ሊሆን ይችላል።

የተበተነውን አማካይ ያስተካክለዋል፤ ወደ አንድ ጎን የተገፋውን ግን የቱንም ያህል ፒክስል ቢሰበሰብ አይመልሰውም። ያኔ የሚያዋጣው የድርጅቱን የቀለም መመሪያ ወይም የአርማውን ቬክተር ፋይል መጠየቅ ነው።