ሦስተኛው ሸሪክ ሲገባ የሁለቱ ሒሳብ

የሽርክና ሒሳብ ከብቸኛ ነጋዴ ሒሳብ የሚለየው በመጨረሻው ገጽ ላይ ነው። ሽያጩ፣ ግዢው፣ ኪራዩና የሠራተኛው ደመወዝ ተመዝግቦ የተጣራ ትርፍ እስኪገኝ ድረስ የሁለቱ መንገድ አንድ ነው። ብቸኛው ነጋዴ እዚያ ላይ ይጨርሳል፤ ትርፉ በሙሉ የእሱ ነው። ሸሪኮች ግን ከዚያ ቁጥር ይጀምራሉ። ትርፉ ለማን፣ በምን ምክንያት፣ ስንት እንደሚደርስ የሚያሳየው ገጽ የትርፍ ክፍፍል ሒሳብ ይባላል። አብዛኛው የሸሪኮች ጠብ የሚነሣውም ከዚህ ገጽ ነው።

አከፋፈሉን የሚወስነው በመጀመሪያ የሸሪኮቹ ውል ነው። ውሉ ዝም ካለ ሕጉ ይናገራል፤ የሕጉ መልስ ደግሞ ብዙዎች የሚጠብቁት ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1890 የወጣው የእንግሊዝ የሽርክና ሕግ ሌላ ስምምነት ከሌለ ሸሪኮች ትርፉንም ኪሳራውንም እኩል እንዲካፈሉ ያዛል። አንዱ የሌላውን ሦስት እጥፍ ቢያዋጣም ለውጥ የለውም። ላዋጣው ካፒታል ወለድ፣ ለሥራውም ደመወዝ ልጠይቅ ቢል ሕጉ አይፈቅድለትም። እ.ኤ.አ. በ1932 የወጣው የሕንድ ሕግም ይህንኑ መንገድ ይከተላል። የሌላ አገር ሕግ የተለየ መነሻ ሊኖረው ይችላል፤ ስለዚህ አከፋፈሉን ለሕግ ዝምታ ከመተው በመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ በግልጽ ማስፈር ይሻላል።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቀላል። አልማዝና ከበደ የሚባሉ ሁለት ሸሪኮች የቤት ዕቃ ማምረቻ ከፈቱ እንበል። አልማዝ 600,000 ብር፣ ከበደ 200,000 ብር አዋጡ። አልማዝ ሌላ ሥራ ስላላት ማምረቻውን ከጠዋት እስከ ማታ የሚመራው ከበደ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ግብር ተቀንሶ 400,000 ብር ትርፍ ተገኘ። እኩል ይካፈሉ ቢባል ለእያንዳንዳቸው 200,000 ብር ይደርሳል፤ ብዙውን ገንዘብ ያወጣችው አልማዝ ታኮርፋለች። በመዋጮ ልክ ቢባል ደግሞ አልማዝ 300,000 ብር፣ ከበደ 100,000 ብር ይወስዳሉ። ያን ጊዜ የሚያኮርፈው ዓመቱን ሙሉ የለፋው ከበደ ነው።

ሁለቱንም ለማስታረቅ የተለመደው ዘዴ ገንዘብንና ልፋትን ለየብቻ መክፈል ነው። ለካፒታል ወለድ፣ ለሚሠራው ሸሪክ ደመወዝ ይታሰባል፤ የተረፈው በስምምነቱ ድርሻ ይከፈላል። የእነአልማዝ ውል 10 በመቶ የካፒታል ወለድ፣ ለከበደ በወር 10,000 ብር ደመወዝ፣ የቀረውን ደግሞ እኩል ክፍያ ይላል እንበል። ለአልማዝ 60,000፣ ለከበደ 20,000 ብር ወለድ ይታሰባል። የከበደ የዓመት ደመወዝ 120,000 ብር ነው። እነዚህ ሲደመሩ 200,000 ብር ስለሚሆኑ የሚቀረው ሌላ 200,000 ብር ነው፤ ለእያንዳንዳቸው 100,000 ይደርሳል። በድምሩ አልማዝ 160,000፣ ከበደ 240,000 ብር ያገኛሉ።

እዚህ ላይ በጣም የተለመደ ስሕተት አለ፤ የካፒታል ወለድንና የሸሪክን ደመወዝ እንደ ማንኛውም ወጪ ቆጥሮ ከትርፉ በፊት መቀነስ። ሁለቱም የትርፍ ክፍፍል እንጂ የድርጅቱ ወጪ አይደሉም። ድርጅቱ ለባለቤቶቹ የሚሰጠው ነገር በየትኛውም ስም ቢጠራ ያው ከትርፉ የወጣ ነው። ብድር ግን ይለያል። አልማዝ ከመዋጮዋ በላይ ለድርጅቱ ገንዘብ ብታበድር የብድሩ ወለድ እንደ ባንክ ወለድ ወጪ ሆኖ ይመዘገባል፤ እሷም በዚያ ገንዘብ በኩል ባለቤት ሳትሆን አበዳሪ ናት። መዋጮና ብድር ሲጨመሩ ደረሰኝ ላይ የትኛው የትኛው እንደሆነ ካልተጻፈ፣ ከዓመታት በኋላ ነገሩን ለመለየት የሚያስችል ሌላ መረጃ አይኖርም።

ትርፉ ወለዱንና ደመወዙን የማይሸፍንበት ዓመትም ይመጣል። ማምረቻው 150,000 ብር ብቻ ቢያተርፍ ወለዱና ደመወዙ 200,000 ብር ስለሆነ 50,000 ብር ይጎድላል። ውሉ ወለዱና ደመወዙ በማናቸውም ሁኔታ ይታሰባል ካለ ጉድለቱን እኩል ይሸከሙታል፤ ከእያንዳንዳቸው 25,000 ይቀነሳል። አልማዝ 35,000፣ ከበደ 115,000 ብር ይደርሳቸዋል። ውሉ የካፒታል ወለድ ከትርፍ ብቻ ይከፈላል የሚል ከሆነ ግን ስሌቱ ይለወጣል። የሕንዱ ሕግ፣ ውሉ ወለድ ቢፈቅድም እንኳ መከፈል ያለበት ከትርፍ ብቻ ነው ይላል። ስለዚህ በውሉ ላይ «10 በመቶ ወለድ» ብሎ መጻፍ ብቻ አይበቃም፤ ትርፍ ሲያንስ ምን እንደሚደረግም ሊጻፍ ይገባል።

ወለዱ የሚታሰበው ገንዘቡ ድርጅቱ ውስጥ ለቆየበት ጊዜ ነው። ሒሳቡ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ቢሆንና አልማዝ ጥር 1 ቀን 120,000 ብር ብትጨምር፣ ለስድስት ወር የሚታሰበው ወለድ 6,000 ብር ነው። በቀን ከተቆጠረ ግን 180 ቀን ለ365 ስለሚካፈል ወደ 5,918 ብር ይወርዳል፤ ልዩነቱን ያመጣችው ጳጉሜን ናት። ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም በወር ወይስ በቀን የሚለው ከወዲሁ መወሰን አለበት። ለዚህ ስሌት የሚመቸው ለእያንዳንዱ ሸሪክ ሁለት ሒሳብ መክፈት ነው። አንዱ መዋጮው ብቻ የሚቀመጥበት የካፒታል ሒሳብ ሲሆን፣ ሌላው ወለዱ፣ ደመወዙና የትርፍ ድርሻው የሚገባበት፣ ለግሉ ያወጣው የሚቀነስበት ተንቀሳቃሽ ሒሳብ ነው።

አሁን ሦስተኛ ሰው፣ ሰናይት፣ ልትገባ ነው እንበል። 300,000 ብር ታዋጣለች፤ ከትርፉም አንድ አምስተኛ ይደርሳታል። አልማዝና ከበደ ከግማሽ ግማሽ ወደ ሁለት አምስተኛ ሁለት አምስተኛ ይወርዳሉ። ገንዘቧን ተቀብሎ ስሟን ከመዝገብ መጨመር ብቻ የሚበቃ ይመስላል። ሆኖም መዝገቡ ላይ ያለው ቁጥርና ማምረቻው በእርግጥ ያለው ዋጋ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱ የተፈጠረው እሷ ሳትኖር ስለሆነ፣ እሷ ከመግባቷ በፊት ለነባሮቹ መከፈል አለበት።

የመጀመሪያው ሥራ ንብረቱን እንደገና መገመት ነው። በመዝገብ 300,000 ብር የተጻፉት ማሽኖች ዛሬ 420,000 ብር ያወጣሉ፤ በሌላ በኩል ከደንበኞች ከሚፈለገው ዕዳ 20,000 ብሩ የማይሰበሰብ ሆኗል። የተጣራው ጭማሪ 100,000 ብር ነው። ይህ በአሮጌው ድርሻ እኩል ተከፍሎ የአልማዝ ካፒታል 650,000፣ የከበደ 250,000 ብር ይሆናል። ግምቱ ሳይሠራ ሰናይት ብትገባና ማሽኖቹ በማግስቱ በ420,000 ብር ቢሸጡ፣ ከ120,000 ብሩ ትርፍ 24,000 ብር ለእሷ ይደርሳታል። ማሽኖቹ ዋጋ ሲጨምሩ ግን ገንዘቧ እዚያ አልነበረም።

ሁለተኛው የማይታየው ሀብት፣ መልካም ዝና ነው። ደንበኛ ለምዶታል፣ ስሙ ይታወቃል፣ ቦታው ተስማሚ ነው፤ በዚህ ምክንያት ማምረቻው ከተራው የበለጠ ያተርፋል። አንዱ የመገመቻ ዘዴ ይህን ብልጫ መለካት ነው። ያለፉት ሦስት ዓመታት ትርፍ 290,000፣ 390,000 እና 400,000 ብር ከሆነ አማካዩ 360,000 ነው። 900,000 ብር ካፒታል በ10 በመቶ 90,000 ብር ማስገኘት ይገባዋል፤ የከበደ ልፋትም 120,000 ብር ያወጣል። ሁለቱ ሲቀነሱ የሚቀረው ብልጫ 150,000 ብር ነው። የሁለት ዓመቱ ተወስዶ መልካም ዝናው 300,000 ብር ይገመታል። ለምን ሁለት ዓመት እንጂ ሦስት አልሆነም ለሚለው ሳይንሳዊ መልስ የለም፤ ድርድር ነው። ደንበኞቹ የመጡት ለከበደ እጅ ሲሉ ከሆነ፣ እሱ ቢሄድ ዝናው አብሮት ስለሚሄድ ግምቱ ማነስ አለበት።

በዓለም አቀፉ የሒሳብ ደረጃ መሠረት ድርጅት ራሱ ያፈራው መልካም ዝና እንደ ሀብት በመዝገብ አይቀመጥም። ኢትዮጵያም ይህን ደረጃ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 ተቀብላለች። ስለዚህ ዝናው በአሮጌው ድርሻ ለነባሮቹ ይታሰብና ወዲያው በአዲሱ ድርሻ ከሦስቱም ይቀነሳል። ለአልማዝና ለከበደ 150,000፣ 150,000 ብር ይጨመራል፤ ቀጥሎ ከሁለቱ 120,000፣ 120,000 ብር፣ ከሰናይት 60,000 ብር ይወጣል። በመጨረሻ የአልማዝ ካፒታል 680,000፣ የከበደ 280,000፣ የሰናይት 240,000 ብር ይሆናል። ድምሩ 1,200,000 ብር ነው፤ የነባሮቹ 900,000 እና የሰናይት 300,000 ማለት ነው። ስሌቱ ትክክል መሆኑን ማረጋገጫው ይህ ድምር ነው።

ሰናይት የከፈለችው 60,000 ብር ለሁለቱ እኩል የደረሰው ሁለቱም እኩል፣ አንድ አሥረኛ አንድ አሥረኛ፣ ስለለቀቁላት ነው። ከበደ ግማሹን ይዞ ቢቆይና አንድ አምስተኛውን አልማዝ ብቻ ብትለቅ 60,000 ብሩ በሙሉ የአልማዝ ይሆናል። ብዙ መዝገቦች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ክፍያውን ድርሻ በለቀቀው ሰው ልክ ሳይሆን በአሮጌው ድርሻ ያካፍላሉ። ሰናይት ገንዘቡን ለድርጅቱ ሳይሆን የአልማዝን ድርሻ ለመግዛት በቀጥታ ለአልማዝ ብትሰጥ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። የድርጅቱ ካዝና አንድ ብር አይጨምርም፤ የሚለወጠው በካፒታል ሒሳቡ ላይ ያለው ስም ብቻ ነው።

በዓመት መካከል ከገባችም እስከዚያ ቀን ያለው ትርፍ በአሮጌው ውል፣ ከዚያ ወዲህ ያለው በአዲሱ ይከፈላል። ስለዚህ ሒሳቡን በገባችበት ቀን መዝጋት ያስፈልጋል። ስለ ቀድሞ ዕዳም ማሰብ ይገባል። የእንግሊዙ ሕግ አዲስ ሸሪክ ከመግባቱ በፊት ለተገባው ዕዳ፣ በመግባቱ ብቻ ለአበዳሪዎች ተጠያቂ እንደማይሆን ይደነግጋል። በየአገሩ ሕጉ ሊለያይ ስለሚችል ገቢዋ የአገሩን ሕግ አስቀድማ ትጠይቅ፤ የዕዳውም ዝርዝር በተሻሻለው መመሥረቻ ጽሑፍ ላይ ይስፈር።

በተከታዩ ዓመት ማምረቻው 500,000 ብር አተረፈ እንበል። የካፒታል ወለዱ ለአልማዝ 68,000፣ ለከበደ 28,000፣ ለሰናይት 24,000 ብር ነው። የከበደ 120,000 ብር ደመወዝ ሲቀነስ የሚቀረው 260,000 ብር በአዲሱ ድርሻ ይከፈላል። አልማዝ በድምሩ 172,000፣ ከበደ 252,000፣ ሰናይት 76,000 ብር ያገኛሉ። ትርፉ 400,000 ብር ከነበረበት ዓመት ጋር ሲነጻጸር ነባሮቹ ድርሻቸው ቢቀንስም እያንዳንዳቸው 12,000 ብር ጨምረዋል። ትርፉ በዚያው በ400,000 ብር ላይ ቢቀር ኖሮ ግን የአልማዝ 132,000፣ የከበደ 212,000 ብር ይሆን ነበር፤ ይህም ሁለቱንም 28,000፣ 28,000 ብር ያጎድልባቸዋል።