የበዓል ስጦታ ደብዳቤና የጅምላ ትዕዛዝ ውሎቹ

ለእንቁጣጣሽ ለሠራተኞቻቸውና ለደንበኞቻቸው ስጦታ ለሚሰጡ ድርጅቶች አቅራቢው ካታሎጉን የሚልከው ከአንድ ገጽ ደብዳቤ ጋር ነው። ደብዳቤው ሐምሌ ውስጥ ቢደርስ ይመረጣል። አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ገንዘቡም ጊዜውም አለ። ጳጉሜን ላይ የደረሰ ካታሎግ ግን ለመጪው ገና ካልሆነ አይጠቅምም።

አድራሻው ለዋና ሥራ አስኪያጁ ቢሆንም ግልባጭ ለሰው ኃይልና ለግዥ ክፍል ይደረጋል። ብዙ ጊዜ ፕሮፎርማ ሰብስቦ የሚያወዳድረው የግዥ ክፍሉ ነው። ለሠራተኛ ዘይት፣ ቡናና ስኳር የያዘ ጥቅል ይቀርባል፤ እነዚህ የሃይማኖት ልዩነት አያነሱም። ለደንበኛ የድርጅቱ አርማ የታተመበት አጀንዳ ወይም ማር በጥሩ ዕቃ የተለመደ ነው።

የደብዳቤው ዋና ክፍል የጅምላ ዋጋው ነው። አንድ ጥቅል ያለ ቫት 1,500 ብር ነው እንበል፤ ከ50 እስከ 99 ለሚያዝ 5 በመቶ፣ ከ100 ጀምሮ 10 በመቶ ቅናሽ አለ። 96 ሠራተኞች ያሉት ድርጅት ልክ በቁጥሩ ቢያዝ 136,800 ብር ይከፍላል። 100 ቢያዝ ግን ሒሳቡ 135,000 ብር ነው። አራት ጥቅል ተጨምሮ ክፍያው 1,800 ብር ይቀንሳል፤ ትርፉ ለጥበቃዎችና ለጊዜያዊ ሠራተኞች ይሆናል። 15 በመቶ ቫት ሲታከል ጠቅላላው 155,250 ብር ይመጣል። ብልህ አቅራቢ ይህን ገዢው እስኪያሰላ አይጠብቅም፤ ፕሮፎርማው ላይ ሁለቱንም ዋጋ ጎን ለጎን ያሳያል። ዋጋው ቫትን ይጨምር አይጨምር በግልጽ ካልተጻፈ ግን ንጽጽሩ ሁሉ ይበላሻል፤ በቢል ጊዜ የሚነሣው ጭቅጭቅም በአብዛኛው ከዚሁ ነው።

ቀጥሎ የሚጻፈው ዋጋው የሚጸናበት ቀን ነው። በበዓል ሰሞን የዘይትና የቅቤ ዋጋ ስለሚንር አቅራቢው ለምሳሌ «ዋጋው እስከ ነሐሴ 15 ብቻ ይጸናል» ይላል። ገዢው ደግሞ ቅድመ ክፍያ ከከፈለ በኋላ ዋጋ እንደማይጨመርበት በጽሑፍ መያዝ አለበት። ግማሹ በትዕዛዝ፣ ቀሪው በርክክብ የሚከፈል ከሆነ ከላይ ላለው ትዕዛዝ ቅድሚያው 77,625 ብር ነው።

አርማ የሚታተምበት ዕቃ የራሱ ቀጠሮ አለው። ናሙናው ቀርቦ ኃላፊው ፈርሞ ሳያጸድቀው ኅትመት አይጀመርም። የአርማው ቀለም ተሳስቶ የታተመ 200 አጀንዳ ለሌላ ድርጅት አይሸጥምና፣ ኪሳራው የማን እንደሆነ የሚለየው ያ ፊርማ ነው። በዚሁ ምክንያት አርማ ያለበት ዕቃ አይመለስም። የተሰበረ ወይም የመጠቀሚያ ጊዜው የተቃረበ ሸቀጥ ግን በምን ያህል ቀን እንደሚቀየር፣ ለቅርንጫፎች ማጓጓዣውንም ማን እንደሚከፍል ደብዳቤው ላይ ይሰፍራል።