«ሙሉ ወጪው ይሸፈናል» ሲባል ምን ማለት ነው?

በርሊን የሚገኝ አንድ የምርምር ተቋም በሐይቆች አያያዝ ላይ የአምስት ቀን ወርክሾፕ አዘጋጅቶ ከባሕር ዳር አንዲት ተመራማሪ ጋበዘ እንበል። ኢሜይሉ አጭር ነው፤ «በሴፕቴምበር ቢገኙልን ደስ ይለናል፤ ሙሉ ወጪዎን እንሸፍናለን።» ለተመራማሪዋ ይህ የምሥራች ነው። ማመልከቻዋን ለሚመረምረው የቪዛ ሠራተኛ ግን ከሞላ ጎደል ባዶ ወረቀት ነው። የትኛው ቀን? የትኛው ወጪ? ደግሞስ ይህች ሰው ለምን ተመረጠች?

የሼንገን አገሮች ቪዛ ሲከለክሉ የሚሰጡት ቅጽ ላይ ምክንያቶቹ አስቀድመው ታትመዋል፤ ሠራተኛው የሚያደርገው ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። የጉዞው ዓላማና ሁኔታ በማስረጃ አልተደገፈም የሚል አለ፤ በቂ መተዳደሪያ ገንዘብ አልታየም የሚልም አለ። ጥሩ የግብዣ ደብዳቤ ለእነዚህ ሁለቱ አስቀድሞ መልስ ይሰጣል።

ከዓላማው እንጀምር። «በዓለም አቀፍ ወርክሾፕ ላይ እንዲሳተፉ» የሚለው አባባል ለማንም ይሠራል፤ ችግሩም ይኸው ነው። ደብዳቤው የወርክሾፑን ርዕስ፣ የሚካሄድበትን አድራሻና የተመራማሪዋን ድርሻ ሊጠቅስ ይገባል፦ «በሁለተኛው ቀን በጣና ሐይቅ የእምቦጭ መስፋፋት ላይ ያካሄዱትን ጥናት ያቀርባሉ።» እንዲህ ያለ አንድ ዓረፍተ ነገር ከአንድ ገጽ ምስጋና ይበልጣል። የቀን በቀን መርሐ ግብሩ አባሪ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው።

ስሟ በፓስፖርቷ ላይ እንደሰፈረ፣ ከነአባትና አያት ስሟ፣ ፊደል ሳይዛነፍ መጻፍ አለበት። አውሮፓዊው ጋባዥ የአያትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ የአባቷን መተዉ የተለመደ ነው። የፓስፖርት ቁጥሯና የትውልድ ቀኗ ከጎኑ ካለ ደብዳቤው የማን እንደሆነ አያጠራጥርም።

ቀኑ ላይ ሁለት ነገር ይምታታል፤ የወርክሾፑ ቀንና የቆይታው ቀን። ወርክሾፑ ከሴፕቴምበር 14 እስከ 18 ቀን 2026፣ ማለትም ከመስከረም 4 እስከ 8 ቀን 2019 ዓ.ም. ቢሆን፣ ተመራማሪዋ በ13 ገብታ በ19 ትመለሳለች። ደብዳቤው አምስቱን ቀን ብቻ ጠቅሶ የበረራና የሆቴል ማስያዣው ሰባት ቀን ካሳየ የቀሩት ሁለት ቀናት ጥያቄ ያስነሳሉ። የጉዞ ጤና መድኑም ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍንና ቆይታውን በሙሉ የሚያካትት መሆን አለበት። የመሥሪያ ቤቷ የፈቃድ ደብዳቤም ያንኑ ቀን ይዞ ቢወጣ ነው የሚያዋጣው።

ደብዳቤው ራሱ መቼ ይድረስ? የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ይቻላል፤ መልስ የሚሰጥበት መደበኛ ጊዜ ደግሞ 15 ቀን ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ግን በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች ጊዜውን ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። ይህን የማያውቅ ጋባዥ፣ ለሌሎች ተሳታፊዎች እንደሚያደርገው፣ በኦገስት መጀመሪያ ይልክላታል፤ ያኔ ነገሩ አልቋል። የቀጠሮ ወረፋውን ደርበን ካሰብነው፣ የባሕር ዳሯ ተመራማሪ ደብዳቤውን እስከ ሜይ ድረስ በእጇ ብታደርግ ይሻላታል።

ብዙ ደብዳቤ የሚሰናከለው ግን ወጪው ላይ ነው። «ሙሉ ወጪ» ሲባል ጋባዡ ቲኬትና ሆቴል ማለቱ ይሆናል፤ ተጋባዧ ደግሞ የቪዛ ክፍያውን ጭምር ትጠብቃለች። ክፍያው ከጁን 2024 ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው እየዘረዘረ ይናገር፦ «ተቋማችን የደርሶ መልስ የአውሮፕላን ቲኬቱን፣ የስድስት ሌሊት ማረፊያውን፣ ምግቡን፣ የከተማ ውስጥ መጓጓዣውንና የጤና መድኑን በቀጥታ ይከፍላል። የቪዛ ክፍያውን ተሳታፊዋ ይሸፍናሉ።»

እዚህ ላይ «በቀጥታ» የሚለው ቃል ዋጋ አለው። ብዙ ተቋማት የሚጽፉት «ወጪዎን እንተካለን» ብለው ነው፤ ይህም ማለት መጀመሪያ ከኪሷ አውጥታ፣ ደረሰኝ አቅርባ፣ ከወርክሾፑ በኋላ ትቀበላለች ማለት ነው። እንዲያ ከሆነ ኤምባሲው የባንክ ሒሳብ መግለጫዋን የሚያየው በሌላ ዓይን ነው፤ ቲኬቱንና ሆቴሉን የመክፈል አቅም አላት ወይ ይላልና። ከቻለች ጋባዡን ቲኬቱን ራሱ እንዲገዛ መጠየቅ ነውር የለውም። ወጪው በሁለት ወገን የሚከፈል ከሆነ፣ ለምሳሌ ቲኬቱን የራሷ ዩኒቨርሲቲ ቆይታውን ጋባዡ የሚችሉ ከሆነ፣ ሁለቱም ድርሻቸውን በየደብዳቤያቸው ይጻፉ።

ወረቀቱ የተቋሙ አርማና አድራሻ ያለበት፣ የተጻፈበት ቀን የሰፈረበት፣ ኃላፊነቱ ከተጻፈ ሰው የተፈረመበት ይሁን። ስልክ ቁጥሩ ጠቃሚ የሚሆነው ሲደወል ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ካነሳው ነው።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ቪዛው ሊከለከል ይችላል። እንደምትመለስ የሚያሳምነው የጋባዡ ቃል ሳይሆን በአገሯ ያላት ሥራና ኑሮ ስለሆነ፣ ያንን ሌሎች ሰነዶች ናቸው የሚያስረዱት። ቪዛው ከተመታ በኋላም ደብዳቤው ሥራውን አልጨረሰም፤ የድንበር ፖሊስ ለምን እንደመጣችና የት እንደምታርፍ ማስረጃ ሊጠይቃት ስለሚችል፣ ቅጂው መቀመጥ ያለበት ከሚጫነው ሻንጣ ሳይሆን ከእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ነው።