ቁልፍ የያዘ ሁሉ ባለቤት አይደለም

ለአዲስ አበባ እንግዳ የሆነ ተከራይ ከሁሉ በላይ የሚፈራው ያላየውን ቤት በስልክ ከፍሎ መበላትን ነው። ፎቶ ልኮ ቀብድ ከተቀበለ በኋላ ስልኩን የሚያጠፋ አጭበርባሪ እንዳለ ያልሰማ ስለሌለ፣ ጠንቀቅ ያለ ሰው «ሳላየው አልከፍልም» ብሎ ይነሳል። ደግ አደረገ። ቤቱ ሲከፈትለት፣ ቧንቧውን ከፍቶ ውሃ ሲወርድ ሲያይ፣ በረንዳው ላይ ቆሞ ሰፈሩን ሲቃኝ ግን ጥርጣሬውን ደጃፉ ላይ ጥሎ ይገባል። እዚህ የምንነግራችሁ የማጭበርበር ዓይነት የሚሠራው ልክ በዚህ ሰዓት ነው።

አካሄዱ ቀላል ነው። አንድ ሰው ዕቃው የተሟላ ኮንዶሚኒየም ለአጭር ጊዜ ይከራያል። ለባለቤቱ የሚገባውን ከፍሎ ቁልፍ ይረከባል፤ እስከዚህ ድረስ ምንም የሚያስጠይቀው ነገር የለም። በማግስቱ ያንኑ ቤት በሰፈሩ ካለው ዋጋ ረከስ አድርጎ ለደላሎች ያስነግራል፣ ቴሌግራም ላይም ይለጥፋል። ፈላጊ ሲመጣ ራሱ በሩን ከፍቶ ያስገባል፤ «ባለቤቱ እኔ ነኝ» ይላል፣ ወይም «የእህቴ ቤት ነው፣ እሷ ውጭ አገር ናት» ይላል። ከመጣው ሰው ሁሉ ቅድሚያ ክፍያ ይቀበልና ለሁሉም «ቅዳሜ ዕቃችሁን አምጡ» ብሎ ይሸኛል። ቅዳሜ ጠዋት ዕቃ የጫኑ ሁለት ሦስት አይሱዙዎች አንድ ብሎክ ሥር ይገናኛሉ። ሰውየው የለም። እውነተኛው ባለቤት ደግሞ ስለ አንዳቸውም ሰምቶ አያውቅም።

ይህን ስንል ደላላ ሁሉ የወንጀሉ ተባባሪ ነው ማለታችን አይደለም። ደላላው ብዙ ጊዜ የሚያውቀው አንድ ስልክ ቁጥርና «ቤት አለኝ፣ ሰው አምጣ» የሚል ድምፅ ብቻ ነው። አስቸጋሪው ነገር ለተከራዩ ሲናገር የሚናገረው እንደሚያውቅ ሆኖ መሆኑ ነው። «ባለቤቱን አውቀዋለሁ፣ ጨዋ ሰው ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ለማጣራት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ከዚህ በፊት ይህን ቤት ለማን አከራየህለት?» በእርግጥ የሚያውቅ ደላላ የቀድሞውን ተከራይ ይጠቅሳል፣ ለምን እንደለቀቀም ይናገራል፣ ደውሎ ያገናኛል። የማያውቅ ደላላ ወሬውን ወደ ቤቱ ስፋትና ወደ ሰፈሩ ጸጥታ ያዞረዋል።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ከደሴ በሥራ ዝውውር የመጣች አንዲት ነርስ አያት አካባቢ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም አገኘች እንበል። ወርኃዊ ኪራዩ 15,000 ብር ነው ተባለች፤ ያከራያል የተባለው ሰው የስድስት ወር ቅድሚያ፣ ማለትም 90,000 ብር ጠየቃት። ደላላው በጎን ጠጋ ብሎ «ሌላ ሰው ከሰዓት ሊከፍል ነው፣ ለእሷ ብዬ ነው ያቆየሁት» ይላል።

እዚህ ላይ ብዙ አዲስ ገቢዎች የማያውቁት ሕግ አለ። በመጋቢት 2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠይቅ ይከለክላል። ስለዚህ ነርሷ በሕግ ልትጠየቅ የምትችለው ቢበዛ 30,000 ብር ነው። አዋጁ በተጨማሪ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም፣ ውሉም በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ሕጉ የወጣው ተከራይን ከድንገተኛ ጭማሪና ከመፈናቀል ለመጠበቅ ነበር። ለአዲስ ገቢ ግን ሌላ ጥቅም ሰጥቶታል፤ አጭበርባሪው የሚፈልገው ብዙ ገንዘብ፣ በጥሬው፣ ያለ ምዝገባ ነውና እያንዳንዱ የሕጉ መስፈርት እሱን የሚፈትን ጥያቄ ሆኖ ያገለግላል።

የስድስት ወር መጠየቅ ብቻውን ግን ሰውየው አጭበርባሪ ነው አያሰኝም። ሕጉን እያወቁ የሚጠይቁ እውነተኛ አከራዮች ሞልተዋል። ነርሷ ልትል የሚገባት «የሁለት ወሩን ዛሬ በባንክ አስገባለሁ፣ ነገ ወረዳ ሄደን ውሉን እናስመዝግብ» ነው። እውነተኛ ባለቤት ሊያጉረመርም ይችላል፣ ግብሩን ፈርቶ ምዝገባውን ሊሸሽም ይችላል። ቢሆንም በስሙ የተከፈተ ሒሳብ አለው፣ የቤቱን ወረቀት ያሳያል፣ ጎረቤት ያውቀዋል። አጭበርባሪው ከእነዚህ አንዱንም ማቅረብ አይችልም፤ ስለዚህ ይቆጣል፣ ያስቸኩላል፣ ወይም «አንቺ አታምኚኝም ማለት ነው» ብሎ ነገሩን ወደ ይሉኝታ ይወስደዋል። እኛ በይሉኝታ የምንሸነፍ ሰዎች መሆናችንን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

የሒሳብ ስሙን ነገር ጠበቅ አድርገን እንያዘው። በባንክ መተግበሪያም ሆነ በቴሌብር ገንዘብ ሲላክ፣ ቁጥሩን አስገብታችሁ «ላክ» ከማለታችሁ በፊት የተቀባዩ ስም ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ብዙ ሰው ይህን ስም ሳያነብ ያልፈዋል። ነርሷ ግን ቆም ብላ ሦስት ስሞችን ታስተያይ፦ ስክሪኑ ላይ የወጣውን፣ ሰውየው ባሳየው መታወቂያ ላይ ያለውን፣ በቤቱ ካርታ ወይም የይዞታ ማስረጃ ላይ የተጻፈውን። ሦስቱም የአንድ ሰው ከሆኑ ብዙ ርቀት ሄዳለች። «የወንድሜ ሒሳብ ነው»፣ «የእኔ ባንክ ዛሬ ኔትወርክ የለውም»፣ «በደላላው በኩል አስገቢው» ከተባለች ግን አንድ ብር ሳትልክ ስልኳን ወደ ቦርሳዋ ትመልስ።

ካርታውን በተመለከተ የሚነገር አንድ ምክንያት አለ፤ «ካርታው ባንክ ነው» ይባላል። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። የኮንዶሚኒየም ባለዕድለኞች አብዛኞቹ ቀሪውን ገንዘብ በባንክ ብድር የሚከፍሉ ስለሆኑ ዕዳው እስኪያልቅ ካርታ በእጃቸው ላይኖር ይችላል። እንዲህ ያለ ባለቤት ግን ባዶ እጁን አይደለም። ቤቱ ሲደርሰው የፈረመው የሽያጭ ውልና ለባንክ የሚከፍልበት ደረሰኝ አለው፤ በሁለቱም ላይ ስሙ፣ በውሉ ላይ ደግሞ የብሎክና የቤት ቁጥሩ ተጽፏል። የቤት ቁጥሩን በሩ ላይ ካለው ጋር ማመሳከር አይረሳ። እውነተኛ ውል የሌላ ቤት ሆኖ ሊገኝ ይችላልና።

ባለቤቱ ውጭ አገር ነው ከተባለ ነገሩ ውክልና ላይ ይወድቃል። በአሜሪካም ሆነ በአረብ አገር የሚኖሩ ብዙ ሰዎች ቤታቸውን በዘመድ ስለሚያከራዩ ይህም በራሱ የሚያስደነግጥ አይደለም። የሚታየው የውክልናው ይዘት ነው። ወኪሉ ቤት የማከራየትና ኪራይ የመቀበል ሥልጣን ተሰጥቶታል ወይ? መኪና ለማስተዳደር ወይም ፍርድ ቤት ለመከራከር የተሰጠ ውክልና ቤት አያከራይም። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥርና ቀን ይዞ የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ዘንድ መጠየቅ አንድ መንገድ ነው፤ የተሻረ ውክልና ወረቀቱ ብቻ በእጅ ይቀራልና። ሁለተኛው መንገድ ከባለቤቱ ጋር በቪዲዮ መነጋገር ነው። እዚህ ላይ ደላላው «ባለቤቱ ነው» ብሎ በሚያቀብለው ስልክ አይታመንም። ቁጥሩን ከጎረቤት ወይም ከብሎኩ ኮሚቴ መጠየቅ ይሻላል።

ጎረቤትና ኮሚቴ ስንል፣ ከወረቀት ሁሉ በላይ ጊዜ የማይፈጀው ማጣሪያ ይኸው ነው። በኮንዶሚኒየም ግቢ የጥበቃና የጽዳት ገንዘብ የሚሰበስብ ኮሚቴ አለ፤ የማን ቤት እንደሆነ፣ ማን እንደሚከፍል በመዝገብ ይይዛል። ደላላው ሳይኖር ተመልሳችሁ ሂዱ፤ ጥበቃውን ሰላም ብላችሁ «የዚህ ቤት ባለቤት ማን ናቸው? አሁን ያለው ሰው መቼ ገባ?» በሉት። «ባለፈው ሳምንት ነው የገባው» ካላችሁ መልሱን አግኝታችኋል። ስለ ውሃም እዚያው ጠይቁ። ደላላ «ውሃ አይጠፋም» ያለው ቤት በረንዳው ላይ ሁለት በርሜል ተደርድሮ ከታየ፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ከላይኛው ፎቅ ነዋሪ መስማት ይሻላል። ግፊቱ ቀድሞ የሚጠፋው እዚያ ነው።

ዋጋውንም ቢሆን ከባለቤቱ አፍ ስሙ። ለአከራዩ 12,000 ለተከራዩ 15,000 ብሎ ልዩነቱን የሚይዝ ደላላ የሚሠራው ሁለቱ ወገኖች ስለ ገንዘብ ፊት ለፊት እስካልተነጋገሩ ድረስ ነው። «ብር ብሩን ለእኔ ተዉት» ካለ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። የእሱን ኮሚሽንም ቤት ከማየታችሁ በፊት በቁጥር ተስማሙ፤ የሚከፈለውም ውል ተፈርሞ ቁልፍ ስትረከቡ ይሁን። ለማሳያ ተብሎ በየቤቱ የሚጠየቀው ብር ትንሽ ቢመስልም፣ ማከራየቱን ትቶ በማሳየት ብቻ የሚኖር ደላላ አለ፤ ቀድሞ የተያዙ ቤቶችን እያዞረ ያሳያል።

አንድ ነገር ከእውነተኛ አከራይ ጋርም ያጋጥማል። ግብር ለመቀነስ «ውሉ ላይ 8,000 ብለን እንጻፍ፣ 15,000 ትከፍያለሽ» ይባላል። አትቀበሉ። ክርክር በተነሳ ቀን በእጃችሁ ያለው ወረቀት የሚናገረው 8,000 ብቻ ነው፤ በእጅ የሰጣችሁትን ቀሪ ማስረዳት ይቸግራችኋል።

ገንዘቡ ከእጃችሁ ወጥቶ ከሆነ ደግሞ ሰውየው ስልክ እስኪያነሳ አትጠብቁ። መጀመሪያ ወደ ባንኩ ወይም ወደ ቴሌብር ደውላችሁ ዝውውሩን አሳውቁ፤ ገንዘቡ ገና ካልወጣ የማገድ ዕድሉ ያለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ቀጥሎ ቤቱ ባለበት አካባቢ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። የቴሌግራም መልእክቱን ሳታጠፉ፣ የዝውውር ደረሰኙን፣ የደላላውን ስልክ ቁጥርና የፈረማችሁትን ወረቀት ይዛችሁ ቅረቡ። ድርጊቱ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 የሚያስቀጣ ማታለል ነው፤ ደላላውም ቢያንስ ምስክር ሆኖ ይጠየቃል። ቅዳሜ ዕለት አብረዋችሁ ብሎኩ ሥር የቆሙትን ሰዎች ስምና ስልክ መያዝም አትርሱ፤ አቤቱታውን በጋራ አቅርቡ።