የሽፈራው ፍሬና ድፍርስ ውሃ

የትምህርት ቤቱ የሳይንስ አውደ ርዕይ ሲቃረብ፣ ዕፅዋትም ኬሚስትሪም ጤናም የሚማርከው ተማሪ አንዱን መምረጥ ያቅተዋል። እኔ ከዝንባሌው ይልቅ በእጁ ካለው መለኪያ እንዲነሳ እመክራለሁ። ያለው ማስመሪያ ብቻ ከሆነ በማስመሪያ የሚመለስ ጥያቄ ይፈልግ። ለምሳሌ፦ አንድ ሊትር ድፍርስ ውሃ ይበልጥ የሚጠራው በስንት የሽፈራው ፍሬ ነው?

በፍሬው ውስጥ ያለው ፕሮቲን የጭቃውን ብናኝ እርስ በርሱ ስለሚያያይዘው ከብዶ ይዘቅጣል። ከአንድ ባልዲ፣ እየተማሰለ፣ በአራት ጠርሙሶች አንድ አንድ ሊትር ይቀዳል። ፍሬው ተፈልፍሎና ተወቅጦ በጥቂት ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ በጨርቅም ይጠለላል። ለሦስቱ ጠርሙሶች የ1፣ የ2 እና የ4 ፍሬ ጭማቂ ይገባል። አራተኛው ምንም አይጨመርበትም፤ ጭቃ በራሱም ስለሚዘቅጥ ያለዚህኛው ውጤቱ የፍሬው መሆኑ አይታወቅም። ሁሉም እኩል ተማስለው ለአንድ ሰዓት ይቀመጣሉ።

መለኪያው እንዲህ ነው፦ በወረቀት ላይ በእርሳስ ቀጭን የመስቀል ምልክት ይሳልና ረጅም ብርጭቆ ይቀመጥበታል። ዝቃጩ ሳይነካ ከላይ የተቀዳው ውሃ ምልክቱ ከዓይን እስኪጠፋ ይፈስበታል፤ ከፍታው በማስመሪያ ይለካል። ሙከራው ሦስት ጊዜ ይደገም።

ባለ 4 ፍሬው ከባለ 2ቱ የባሰ ቢደፈርስ አያስደንግጥ፤ ሲበዛ መልሶ ሊያደፈርስ ይችላል፤ ለዳኞች የሚቀርበው ምርጥ ግኝትም ይኸው ሊሆን ይችላል። የጠራው ውሃ ግን አይጠጣም፤ ጀርሞች ይቀሩበታል።